እውነት ወይስ ተረት? ኢርፎንና የስልሳ-ስልሳ ደንብ

ስለ ኢርፎን የሚሰጥ ምክር ዞሮ ዞሮ ስልሳ-ስልሳ ላይ ያርፋል። ድምፁን ከስልካችሁ ከፍተኛ መጠን 60 በመቶ አታሳልፉ፤ በአንድ ጊዜ ከ60 ደቂቃ በላይ አትስሙ፤ ከዚያ ነቅላችሁ ጆሯችሁን አሳርፉ። ደንቡ ይኸው ነው። አጭር ስለሆነ በቃል ለመያዝ ይመቻል። ችግሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግማሹ መንገድ ላይ እየቀረ፣ ያልተባለ ነገር እየተጨመረበት መምጣቱ ነው። ክፍል ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥና ሰፈር የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«60 ማለት 60 ዴሲቤል ነው»

ተረት። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ 60 ዴሲቤል ደግሞ ሁለት ሰዎች ቡና ላይ ተቀምጠው በተለመደው ድምፃቸው ሲጨዋወቱ የሚሰማው ያህል ነው። በዚህ መጠን ቀኑን ሙሉ ብትሰሙ ጆሮ አይጎዳም። በደንቡ ውስጥ ያለው 60 የሚናገረው ስለ ስልካችሁ የድምፅ መስመር ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የሙዚቃው ድምፅ 15 እርከን አለው። ድምፁን እስከ ታች አጥፍታችሁ የመጨመሪያውን ቁልፍ ዘጠኝ ጊዜ ብትጫኑ 60 በመቶ ላይ ትደርሳላችሁ። አይፎን ላይ እርከኑ 16 ስለሆነ እዚያም ዘጠነኛው ላይ መቆም ነው። በዓይን እየገመቱ «መሃል አካባቢ ነው» ከማለት መቁጠሩ ይሻላል፤ ዓይን ብዙ ጊዜ ለወደደው ዘፈን ያደላል።

«60 በመቶ የትም ስልክ ላይ አንድ ነው»

ይህም ተረት ነው፤ ለምን ተረት እንደሆነ ለማየት የደንቡን አመጣጥ ማወቅ ይረዳል። በ2004 እ.ኤ.አ. ብራያን ፍሊጎር የተባለ የመስማት ባለሙያ ከባልደረባው ከኮክስ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። የለኩት ስልክ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ወጣቱ በቦርሳው ይዞት የሚዞረውን የሲዲ ማጫወቻ ነበር። ከልኬታቸው ተነስተው ያቀረቡት ምክር በጆሮ ላይ የሚያርፈውን ሄድፎን ለሚጠቀም ሰው በ60 በመቶ ድምፅ፣ በቀን ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ማዳመጥ የሚል ነበር። በቀን የሚለውን ልብ በሉ። ዛሬ የምንሰማው «60 ደቂቃ ሰምተህ ትንሽ አርፈህ ቀጥል» የሚለው ከዚያ በኋላ የላላ ቅጂ ነው። ይኸው ፍሊጎር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፖርትነፍ ጋር ሌሎች ማጫወቻዎችን ሲለካ ደግሞ 80 በመቶ ለ90 ደቂቃ የሚል ሌላ ቁጥር ወጣ። መሣሪያው ሲቀየር ቁጥሩም ተቀየረ ማለት ነው።

ስለዚህ 60 በመቶ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ያንተ ስልክና የጓደኛህ ስልክ ከፍተኛው ላይ ሲደርሱ የሚያወጡት ዴሲቤል ይለያያል፤ አንዱ ኢርፎን ከሌላው ይጮኻል። ዘፈኑም ራሱ ይለያያል። ድሮ በካሴት የተቀዳ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ በዝግታ ይወጣል፤ ከሱ ቀጥሎ ዘንድሮ የተሠራ ነጠላ ዜማ ሲመጣ በዚያው እርከን ላይ ጆሮ ያደነቁራል። ድምፅ ያሳድጋል እየተባለ የሚጫን አፕሊኬሽን ያለበት ስልክ ላይ ደግሞ በመቶኛው ጨርሶ ትርጉም የለውም። ያ አፕሊኬሽን ካለባችሁ ቁጥር ከመቁጠራችሁ በፊት አጥፉት።

«ከ60 ደቂቃ ካላለፍኩ ምንም አልሆንም»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ መሆኑ ነው አደገኛ የሚያደርገው። ጆሮ የሚቆጥረው ደቂቃን ብቻ አይደለም። የሚቆጥረው ጩኸቱንና ደቂቃውን አንድ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ለስልክና ለማጫወቻ ባወጡት ስታንዳርድ ለአዋቂ የተሰጠው ድርሻ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ይህን እንደ ሳምንታዊ የኢንተርኔት ጥቅል አስቡት። በዝቅተኛ ጥራት ቪዲዮ ብታዩበት ሳምንቱን ያደርሳችኋል፤ ጥራቱን ከፍ ስታደርጉ በማክሰኞ ያልቃል። ድምፅ ላይ ያለው ስሌት እንዲህ ነው፦ በ3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ80 ዴሲቤል 40 ሰዓት የነበረው፣ በ83 ወደ 20፣ በ86 ወደ 10፣ በ89 ወደ 5፣ በ92 ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል። አረማመዱ ትንሽ ይመስላል። ከ80 እስከ 92 ያለው ልዩነት ስልክ ላይ አራት ጭነት ያህል ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሉ ግን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ወርዷል።

አንድ ልጅ እንውሰድ። ናሆም እንበለው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከአያት ወደ መገናኛ በሚኒባስ ይመላለሳል። መንገዱ መሄጃው 40 ደቂቃ፣ መመለሻው 40 ደቂቃ ነው። ስልኩ 15 እርከን አለው፤ እያንዳንዱ ጭነት 3 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ዘጠነኛው ላይ 80 ዴሲቤል ይወጣዋል ብለን እንነሳ። ቤት ውስጥ ዘጠኝ ላይ ያዳምጣል፤ ይበቃዋል። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ግን የሞተሩ ድምፅ፣ በተከፈተው መስኮት የሚገባው ጩኸት፣ የሾፌሩ ሬዲዮና በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ፣ መገናኛ!» የሚለው ረዳት በአንድነት ዘፈኑን ይውጡበታል። ናሆም ሳያስበው ጣቱ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። አሁን 92 ዴሲቤል ላይ ነው።

ናሆምን ብትጠይቁት ደንቡን ያከብራል። እውነቱን ነው፤ አንዱም ጉዞ 60 ደቂቃ አይሞላም፤ ከጠዋቱ ጉዞ በኋላም ጆሮው ሙሉ ቀን ያርፋል። ሒሳቡን ስንሠራው ግን ሰኞ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተጠቀመ። ማክሰኞ ወደ ቤት ሲመለስ ሁለት ሰዓት ተኩሉ የሚሞላው ከታክሲው ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። የሳምንቱ ጥቅል አለቀ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ገና ናቸው። አምስቱን ቀን ሲጨርስ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ከድርሻው ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ማታ ማታ ቤት የሚሰማውን አልቆጠርንም። ስታንዳርዱ ለልጆች ዝቅ ያለ መጠን ማለትም 75 ዴሲቤል እንዳስቀመጠም አልነገርነውም፤ በዚያ ከተሠላ ጥቅሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

እረፍት ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ጆሮ ከድካሙ ያገግማል፤ እናንተም ድምፁ ምን ያህል ወጥቶ እንደነበር የምታውቁት ነቅላችሁ ስትመለሱ ነው። እረፍት ግን ያለቀውን ጥቅል አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው የኔ አቋም ከተለመደው ምክር የሚለየው። ናሆምን «ቀንስ» ማለት ብዙም አይረዳውም። ታክሲ ውስጥ ድምፁን የመረጠው እሱ አይደለም፤ የመረጠለት ጩኸቱ ነው። ቢቀንስ ዘፈኑን አይሰማም፤ ካልሰማ ደግሞ ይጨምራል። መቀነስ ያለበት ከውጭ የሚገባው ነው። ጫፋቸው ላይ የሲሊኮን ጎማ ያላቸው ወደ ውስጥ የሚገቡ ኢርፎኖች ጆሮን በደንብ ሲዘጉ የውጭውን ጩኸት ይቀንሱታል። ካርቶናቸው ውስጥ በትንሽዬ ፌስታል ሌላ ሁለት ጥንድ ጎማ ይኖራል፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። አብዛኛው ሰው ከካርቶኑ ጋር ይጥላቸዋል። ሦስቱንም መጠን ሞክሩ። በትክክል መግጠሙን የምታውቁት ዘፈን ሳትከፍቱ ስትናገሩ የገዛ ድምፃችሁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ እንደ በርሜል ሲያስተጋባ ነው። ሁለቱ ጆሮ የተለያየ መጠን ቢፈልግ አትገረሙ።

ናሆም ልኩን አግኝቶ በዚያው ታክሲ አሥር ላይ ቢቆም 83 ዴሲቤል ይሆናል። ድርሻው 20 ሰዓት፣ የሳምንቱ ጉዞው ደግሞ ያው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከጥቅሉ ሲሶውን ብቻ ተጠቀመ። የውጭ ጩኸትን በኤሌክትሮኒክስ የሚሰርዝ ኢርፎንም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ይከብዳል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጆሮው የተዘጋ ሰው የመኪና ጥሩንባ አይሰማም። ከታክሲ ስትወርዱ፣ አስፋልት ከማቋረጣችሁ በፊት ንቀሉት።

«አጠገቤ ያለው ሰው ካልሰማው ድምፁ ትንሽ ነው»

ተረት፤ ወላጆችም በዚህ ይታለላሉ። ድምፅ ወደ ውጭ መውጣቱ ከኢርፎኑ ዓይነት ጋር እንጂ ከጩኸቱ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ጆሮ ደፍ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ዓይነት በዝቅተኛ ድምፅም «ጭስ ጭስ» እያለ ጎረቤት ይረብሻል። በጎማ የሚዘጋው ደግሞ ከፍተኛው ላይ ሆኖም ለጎረቤት ዝም ያለ ነው። እናት በሩን ከፍታ ገብታ ምንም ስላልሰማች ትረጋጋለች።

ትንሽ የሚሻለው ፈተና ሌላ ነው። ጆሮ ደፍ ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ዘፈኑ እየሄደ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ያለ ሰው ሳይጮኽ ሲያናግራችሁ ትሰሙታላችሁ? ካልሰማችሁት በዝቷል። ለሚዘጋው ኢርፎን ይህ ፈተና አይሠራም፤ እሱ ዘፈን ሳይከፈትም ድምፅ ያግዳል። ለሱ የሚበጀው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቃላቱ ጥርት ብለው እስኪሰሙ ድረስ ብቻ ከፍቶ፣ ቁጥሩን ይዞ፣ ከቤት ሲወጡ ከዚያ ከአንድ ጭነት በላይ አለመጨመር ነው።

«አንዱን ላንተ፣ አንዱን ለኔ፤ በአንድ ጆሮ ስለምንሰማ ጉዳቱ ግማሽ ነው»

ተረት ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሁለት ጓደኛሞች ጭንቅላታቸውን አጋጥመው አንዱን ኢርፎን ሲካፈሉ ደስ ይላል፤ ጆሯቸው ግን አይስማማበትም። አንጎል ከሁለት ጆሮ የሚመጣውን ድምፅ አንድ ላይ ደምሮ ይሰማዋል። አንዱ ሲነቀል ያው ዘፈን የደከመ ይመስላል፤ ባዶ በቀረው ጆሮ በኩል ደግሞ የክፍሉ ጫጫታ ይገባል። ሁለቱም ምክንያቶች አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ፤ ወደ መጨመር። ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ መጠኑን የሚወስነው ሁልጊዜ «ትንሽ ጨምረው» የሚለው ነው። በአንድ ጆሮ መስማት የግድ ከሆነ ቁጥሩን በሁለት ጆሮ ከምትሰሙበት አታሳልፉ።

«ካላመመኝ አልጎዳኝም»

ከሁሉም በላይ መነቀል ያለበት ተረት ይህ ነው። ጆሮ በድምፅ ብዛት የሚያምመው ከ120 ዴሲቤል አካባቢ ጀምሮ ነው። ጉዳት ግን ከዚያ እጅግ በታች፣ በሰዓታት ብዛት ይጠራቀማል። በመሃል ያለው ሰፊ ቦታ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚታለፍ ነው።

የሚጎዳው ምንድን ነው? ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ትንሽ አካል አለ። በውስጡ በያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል፣ አናታቸው ላይ ጥቃቅን ፀጉር የሚመስል ነገር ያላቸው ሴሎች ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ ፀጉሩ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው ወደ ነርቭ መልእክትነት ይለወጣል። ሲበዛበት ፀጉሩ ይጎብጣል፤ ሴሉ ይደክማል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ይሞታል። ዶሮ እነዚህን ሴሎች ከሞቱ በኋላ መልሳ ታበቅላለች። ሰው አያበቅልም፤ ይዞ የተወለደውን ይዞ ይኖራል።

መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጭን ድምፆችን የሚይዙት ናቸው። ከበሮና ቤዝ እንደ ድሯቸው ስለሚሰሙ ሰውየው ምንም የጎደለ አይመስለውም። የሚጎድሉት እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ጽ» ያሉ ቀጫጭን ፊደላት ናቸው። «ሳቀ» ይሁን «ፋቀ» መለየት ያቅተዋል፤ ሰው ሲበዛ ወሬ መከተል ይከብደዋል፤ «ጥርት አድርገህ አትናገርም እንዴ?» ብሎ ሌላውን ይወቅሳል። ድምፁ ይሰማዋል፤ ቃሉ ነው የሚያመልጠው። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ግን የሚያደርገው ድምፅን ማጉላት ነው፤ የጠፋውን ጥራት ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

«ጆሮዬ ለምዶታል» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ባለፈው ዓመት በዘጠኝ ይበቃችሁ የነበረው ዘፈን ዘንድሮ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ካልሆነ ካልጣማችሁ፣ ስልኩና ኢርፎኑ ያው ከሆኑ፣ ጆሮን ማስመርመር ይገባል። ጆሮ ጠንክሮ አያውቅም።

«ጭው ማለቱ በማግስቱ ከለቀቀኝ ተሻለኝ ማለት ነው»

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም እንዲሁ ያስቡ ነበር። ከትልቅ ኮንሰርት ወይም ድምፅ ከበዛበት ሠርግ ስትወጡ ጆሮ ጭው ይላል፤ ዓለም በጥጥ የተጠቀለለች ትመስላለች፤ አድሮ ይለቃል፤ ምርመራውም ደህና ነው ይላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ሻሮን ኩጃዋና ቻርልስ ሊበርማን አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ የሠሩት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። አይጦቹ ለሁለት ሰዓት በ100 ዴሲቤል አካባቢ ከቆዩ በኋላ መስማታቸው ተመልሷል፤ ሴሎቹም አልሞቱም። ሴሎቹን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ግን፣ በተጎዳው ክፍል ግማሽ ያህሉ ጠፍተው አልተመለሱም። ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሆን ተመራማሪዎች አሁንም እየተከራከሩበት ነው፤ ቢሆንም ጭው ማለትን እንደ ድካም ብቻ ማየት ከዚያ ወዲህ ቀርቷል። ኢርፎን ነቅላችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ፣ ያ መጠን ለዚያ ጊዜ በዝቶ ነበር። በማግስቱ በዚያው መጠን አትጀምሩ።

«ስልኩ ራሱ ያስጠነቅቃል»

ያስጠነቅቃል፤ እኛ ግን ሳናነብ እሺ እንላለን። ማስጠንቀቂያውን ሳይሆን ወሰኑን መጠቀም ይሻላል። አይፎን ላይ `Settings` ከዚያ `Sounds & Haptics` ከዚያ `Headphone Safety` ስትገቡ `Reduce Loud Audio` የሚል አለ፤ እሱን ከፍታችሁ መስመሩን 80 ዴሲቤል ላይ ብታቆሙት ስልኩ ከዚያ በላይ ያለውን ይቀንሰዋል። ብዙ ሳምሰንግ ስልኮች ላይ ደግሞ `Settings`፣ `Sounds and vibration`፣ `Volume` ገብታችሁ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኑ `Media volume limit` ታገኛላችሁ። ይህ ዴሲቤል አይናገርም፤ መስመሩን ግን ከመረጣችሁት ቦታ አያሳልፍም። አይፎኑም ቢሆን በዴሲቤል የሚናገረው ኢርፎኑን ካወቀው ነው። ከመርካቶ ወይም ከመንገድ ዳር በተገዛ ኢርፎን ላይ ቁጥሩን እንደ ግምት ብቻ ውሰዱት።

ጭው የሚለው ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም አንድ ጆሮ ድንገት ከደፈነ፣ ለቤተሰብ ተናግራችሁ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ድንገት የጠፋ መስማት በቀናት ውስጥ ሕክምና ሲጀመርለት የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ስለሆነ «በራሱ ይከፈታል» እያሉ ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ የሚጠቅመው መልስ «ሙዚቃ እወዳለሁ» የሚለው አይደለም፤ በየትኛው ኢርፎን፣ ስንተኛው እርከን ላይ፣ የት ሆናችሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሰሙ ንገሩት።